በቆሎው አተረፈ ወይስ አከሰረ? የአንድ ወቅት የእርሻ ሒሳብ አሠራር

ጅማ ዙሪያ ያሉ ዘመዶቼና ጎረቤቶቼ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «በቆሎ ሸጬ 40 ሺህ ብር አገኘሁ። ለዘርና ለማዳበሪያ ያወጣሁት 9 ሺህ ነው። 31 ሺህ አተረፍኩ ማለት ነው አይደል?» ይላሉ። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ቤት ውስጥ ስንት ኩንታል ተበላ? ማሳውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ ማን ጠበቀው? እህሉ የተመዘነው ሳይደርቅ ነው ደርቆ? አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከማስረዳ ብዬ አሠራሩን እንዲህ ጻፍኩላችሁ።

ምሳሌው የአጎቴ ደብተር ነው። ሰርቦ አካባቢ ግማሽ ሄክታር ላይ በቆሎ ዘርቶ ነበር። ዋጋዎቹ የእሱ ናቸው፤ በእናንተ ቀበሌና በዘንድሮ ገበያ ሌላ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ቁጥሮቹን ሳይሆን መንገዱን ውሰዱ፤ በየቦታው የራሳችሁን ዋጋ አስገቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተር፣ ለዚህ ማሳ ብቻ የሚሆን
- እስክርቢቶ
- የዘር፣ የማዳበሪያና የብድር ደረሰኞች፣ በአንድ ፌስታል ተጠቅልለው
- የሚንጠለጠል ሚዛን፣ ወይም ከጎረቤት የሚዋሱት
- 10 ሜትር ገመድ
- ስልክ፣ ካልኩሌተሩ ብቻ ይበቃል

ደረሰኝ ጠፍቶባችኋል? ችግር የለም። የገዛችሁበት ማኅበር ወይም አብሯችሁ የገዛ ጎረቤት ዋጋውን ያስታውሳል። የጉልበት ቀናት ግን ካልተጻፉ አይታወሱም። እነሱን በየሳምንቱ ጻፉ።

1. የሒሳቡን ድንበር አስምሩ

አንድ ማሳ፣ አንድ ሰብል፣ አንድ ወቅት። እኛ ጋ አንድ ገበሬ ቡናም፣ ጫትም፣ በቆሎም፣ ጤፍም አለው። ሁሉም በአንድ ደብተር ከተቀላቀለ የቡናው ትርፍ የበቆሎውን ኪሳራ ይሸፍነዋል፤ የትኛው ማሳ እንደጎዳችሁ አታውቁም።

መጀመሪያ መሬቱን በገመድ ለኩ። ርዝመቱን በወርዱ አባዙ። 100 ሜትር በ50 ሜትር ከሆነ 5,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ነው። «ሁለት ጥማድ» ብሎ መተው አይበቃም፣ ጥማድ እንደየሰውና እንደየመሬቱ ይለያያል። አንድ ማመሳከሪያ ደግሞ ዘሩ ነው። የተዳቀለ በቆሎ ለሄክታር 25 ኪሎ ይዘራል። 12.5 ኪሎ የሚይዘው ከረጢት በትክክለኛው ርቀት ሲዘራ ግማሽ ሄክታር ይሸፍናል። አንድ ከረጢት ዘርታችሁ ከአለቀባችሁና መሬቱ ገና ሩብ የሚሆን ከቀረው፣ ወይ መሬቱ ከገመታችሁት ሰፊ ነው ወይ አዘራራችሁ ጠብቋል።

ወቅቱ የሚጀምረው በመጀመሪያው እርሻ ነው። የሚያልቀው የመጨረሻው ኩንታል ሲሸጥ ወይም ሲበላ ነው። የአጎቴ ሒሳብ በየካቲት ተከፍቶ የተዘጋው በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ነው። በመስከረም አዲስ ዓመት መጣ ብላችሁ ደብተሩን አትዝጉ። በቆሎው ያኔ ገና ማሳ ላይ ነው።

2. የዘርና የማዳበሪያ ወጪን ጻፉ

የምትጽፉት የገዛችሁትን ሳይሆን እዚህ ማሳ ላይ የዋለውን ነው። አጎቴ ዩሪያ የገዛው ሦስት ከረጢት ነበር። አንዱ ጤፉ ላይ ዋለ። በቆሎው ላይ የሚጻፈው ሁለቱ ብቻ ነው። ይህን ካልለያችሁ በቆሎው የጤፉን ዕዳ ይሸከማል።

የአጎቴ ይህን ይመስላል፦

- የተዳቀለ ዘር፣ 1 ከረጢት፦ 2,500 ብር
- ኤን ፒ ኤስ (ብዙዎቻችን አሁንም ዳፕ የምንለው)፣ 1 ባለ 50 ኪሎ፦ 2,400 ብር
- ዩሪያ፣ 2 ባለ 50 ኪሎ፦ 4,200 ብር
- ማዳበሪያው ከማኅበሩ እስከ ቤት የመጣበት ማጓጓዣ፦ 150 ብር

ድምር 9,250 ብር። ብዙ ሰው ወጪ ብሎ የሚቆጥረው እስከዚህ ያለውን ብቻ ነው።

ከእያንዳንዱ ግዢ ጎን የተጨመረበትን ቀን ጻፉ። ዩሪያ በአብዛኛው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ይጨመራል። ዘግይቶ ከተጨመረ ወይም በከባድ ዝናብ ከታጠበ ምርቱ ይቀንሳል። በወቅቱ መጨረሻ «ማዳበሪያው አልጠቀመኝም» ከማለታችሁ በፊት ቀኑን ማየት ትችላላችሁ።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ ብድሩን ሁለት ጊዜ አትቁጠሩ። አጎቴ ለዘርና ለማዳበሪያ 8,000 ብር ተበድሮ ነበር። ታኅሣሥ ላይ 8,800 መለሰ። በደብተሩ ላይ የማዳበሪያውን ዋጋም ጽፏል፣ «ብድር የከፈልኩት 8,800» ብሎም ጽፏል። ይህ ስህተት ነው። 8,000ው ቀድሞውኑ በዘሩና በማዳበሪያው መስመር ላይ አለ። ወጪ ሆኖ የሚጨመረው ወለዱ፣ 800 ብሩ ብቻ ነው። ወለዱም ትክክል መሆኑን አስሉ፤ 8,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ለ8 ወር ሲሰላ 800 ይመጣል።

3. ጉልበትን በሦስት ዓምድ ለዩ

ሒሳቡ የሚበላሸው በብዛት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ አትቸኩሉ። አንድ ገጽ ለሦስት ክፈሉ፦ የተከፈለበት፣ ደቦና ዳዶ፣ የቤት ሰው።

*የተከፈለበት።* በሬ ተከራይታችሁ ከሆነ፣ የቀን ሠራተኛ ቀጥራችሁ ከሆነ ይህ ነው። አጎቴ በሬ ከነአራሹ 6 ቀን በ400 ብር ተከራየ፤ 2,400 ብር። ለአረምና ለመሰብሰብ 16 የሰው ቀን በ200 ብር ቀጠረ፤ 3,200 ብር። ሠራተኛው ምሳ ከእናንተ ከበላ የምሳውንም ዋጋ ጨምሩ።

*ደቦና ዳዶ።* ሁለቱን አትቀላቅሉ። ደቦ ላይ ሰዎቹ መጥተው በነፃ ይሠሩላችኋል፣ ወጪው የምታቀርቡት ምግብና ቡና ነው። የአጎቴ አንድ የአረም ደቦ 1,300 ብር ወጣበት። ዳዶ ግን፣ ሌላው ቦታ ወንፈል የሚባለው፣ የቀን ዕዳ ነው። እነሱ 6 የሰው ቀን ከሠሩላችሁ እናንተም 6 ቀን ትመልሳላችሁ። ገንዘብ ስላልወጣ ብዙዎች ይዘሉታል። የመለሳችሁት 6 ቀን ግን ከእናንተ ሕይወት የወጣ ነው፤ ወደ ሦስተኛው ዓምድ ይገባል።

*የቤት ሰው።* ባል፣ ሚስት፣ የደረሱ ልጆች። አጎቴ መጀመሪያ «የኔ ልጅ፣ የራስን ጉልበት ማን ይቆጥራል?» ብሎኝ ነበር። እኔም የምለው ይህን ነው፦ የምትቆጥሩት ለማንም ልትከፍሉ አይደለም። ያ ቀን በቆሎው ላይ ባይውል ኖሮ የት ይውል እንደነበር ለማወቅ ነው።

በጣም የሚረሳው ጥበቃ ነው። እኛ ጋ በቆሎ እሸት ከያዘ ጀምሮ ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ማታ ከርከሮና ጃርት አለ። ማማ ላይ ሰው ካላደረ ሁለት ሌሊት ውስጥ የማሳው ጥግ ይራቆታል። አጎቴና ልጁ እየተፈራረቁ 60 ቀን ጠብቀዋል። ሲጠብቁ ሌላ ቀላል ሥራም ስለሚሠሩ አንዱን ቀን እንደ ግማሽ ቆጠርነው፤ 30 ቀን ሆነ። ማሳችሁ ከጫካ የራቀ ከሆነ ቁጥሩ ያንሳል። ጫካ ጥግ ከሆነ ግን ከዚህም ሊበልጥ ይችላል፣ ደግሞም ሙሉ ቀን ሊባል ይገባዋል።

የአጎቴ የቤት ሰው ቀናት እነሆ፦

- መዝራትና ማዳበሪያ መጨመር፦ 10
- አረምና ኩትኳቶ፦ 18
- ጥበቃ፦ 30
- መሰብሰብ፣ መሸልቀቅ፣ መፈልፈል፦ 20
- ማድረቅና ገበያ መመላለስ፦ 6
- ለዳዶ የተመለሰ፦ 6

ድምር 90 ቀን። በቀበሌው የቀን ሥራ ዋጋ በ200 ብር ሲባዛ 18,000 ብር ነው። ለዘርና ለማዳበሪያ ከወጣው ገንዘብ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አጎቴ ይህን ሲያይ ደብተሩን ወስዶ ራሱ ደግሞ ደመረው።

⚠ የዋጋው ወቅት ልዩነት አለው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቡና ለቀማ ይደርሳል፣ የቀን ገቢም ከፍ ይላል። ቡና ለቀማ ትታችሁ በቆሎ የጠበቃችሁበትን ቀን በቡናው ገቢ አስሉት እንጂ በሰኔ ዋጋ አታስሉት። አጎቴ የሚለቅመው ብዙ ቡና ስላልነበረው ሁሉንም በ200 አስልተናል።

4. የተበታተኑትን ትናንሽ ወጪዎች ሰብስቡ

እዚህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ እንዳይረሱ ብቻ ነው። ለተምች የተረጨ መድኃኒት 600 ብር። ጆንያ 22 በ50 ብር፣ 1,100። የተሸጠው 13 ኩንታል ገበያ የደረሰበት በኩንታል 60 ብር፣ 780። የመሬት ግብር፦ አጎቴ ለ1.5 ሄክታር 300 ብር ይከፍላል፣ የዚህ ማሳ ድርሻ አንድ ሦስተኛው፣ 100 ብር ነው። የብድር ወለድ 800።

አሁን በእጅ የወጣውን ሁሉ ደምሩ። 9,250 ለግብዓት፣ 2,400 ለበሬ፣ 3,200 ለቀን ሠራተኛ፣ 1,300 ለደቦ፣ 3,380 ለእነዚህ ትናንሽ ወጪዎች። ጠቅላላ 19,530 ብር። «9 ሺህ አወጣሁ» ያለው ሰው ከእጥፍ በላይ አውጥቷል።

5. ምርቱን ደርቆ መዝኑ

አጎቴ «24 ኩንታል አገኘሁ» ይል ነበር። 24ቱ የተመዘነው እንደተፈለፈለ፣ እርጥቡን ነው። በቆሎ ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ክብደቱም አብሮ ይሄዳል። ነጋዴ የሚከፍላችሁ ለደረቅ ነው። እርጥቡን ከተቀበለም ዋጋውን ቀንሶ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ የሚሠራው በደረቅ ክብደት ነው።

እርጥበት መለኪያ ከሌላችሁ እንዲህ አድርጉ። አንድ ጆንያ ለይታችሁ 100 ኪሎ መዝኑ። ያንን ብቻ ምንጣፍ ላይ አስጡት፤ ዶሮና ልጅ እንዳይነካው። ሲደርቅ መልሳችሁ መዝኑ። የአጎቴ 92 ኪሎ ሆነ። ሌላውም በዚሁ መጠን ይቀንሳል ማለት ነው፦ 24 × 0.92 = 22 ኩንታል። ሁለቱ ኩንታል አልተሰረቀም፣ ውሃ ነበር።

መድረቁን በምን ታውቃላችሁ? ደረቅ ጠርሙስ ውሰዱ። ሩብ ያህሉን በቆሎ፣ ላዩ ላይ ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሩ። ከድናችሁ ደህና አድርጋችሁ ነቅንቁትና ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ገና እርጥብ ነው፤ ጎተራ ከገባ ይሻግታል። ካልተጣበቀ ለማስቀመጥ ደርሷል። ጨው ራሱ እርጥበት የሳበ ከሆነ ግን ፈተናው ያሳስታችኋል፤ አስቀድማችሁ ጨዉን ፀሐይ ላይ አድርቁት።

አንድ ነገር ደግሞ። ደብተር ላይ «3 ማዳበሪያ በቆሎ» ብላችሁ አትጻፉ። እኛ ጋ ጆንያውንም ማዳበሪያ እንለዋለን። ከስድስት ወር በኋላ ስታነቡት የማዳበሪያ ወጪ ነው ወይስ ምርት፣ ባለ 50 ነው ባለ 100 አይለይም። ኪሎውን ጻፉ።

6. እያንዳንዱ ኩንታል የት እንደገባ ተከታተሉ

22 ኩንታል ገባ፤ 22 ኩንታል መውጣት አለበት። የአጎቴ፦

- የተሸጠ፦ 13
- ቤት የተበላ፦ 6
- ለዘካ የተሰጠ፦ 2
- ነቀዝ ያበላሸው፦ 1

ድምሩ 22 ነው፤ ተዘጋ። የእናንተ ካልተዘጋ የጎደለውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሦስት ቦታ ነው፦ ለዘመድ በቁና በቁና የወጣ፣ ለስኳርና ለጨው ሲባል ሐሙስ ገበያ በትንሽ በትንሹ የተሸጠ፣ ወይም መጀመሪያውኑ ሳይደርቅ የተመዘነ። በጥቂቱ የሚሸጠውን የምትሸጠው እናት ከሆነች ደብተሩ እሷም ዘንድ ይሁን። እሷ ካልጻፈች የደብተሩ ግማሽ ጎደለ ማለት ነው።

ከማሳው ሳይደርቅ የወጣውንም አትርሱ። አጎቴ እሸት ለመንገድ ዳር ሻጮች 1,200 ብር ሸጧል። አገዳውን ጎረቤቱ ለከብት በ800 ብር ገዝቶታል። ሁለቱም የዚህ ማሳ ገቢ ናቸው።

7. ገቢውን ዋጋ ስጡት

የተሸጠው ቀላል ነው። ታኅሣሥ ላይ 5 ኩንታል በ2,600 ሸጠ፤ 13,000። ግንቦት ላይ 8 ኩንታል በ3,400 ሸጠ፤ 27,200። በጠቅላላ 40,200 ብር። ሁለቱን ሽያጭ ለየብቻ ጻፉ፤ በደረጃ 9 ያስፈልጋችኋል።

የተበላውና ለዘካ የወጣው 8 ኩንታልስ? ዋጋ አለው። ባይኖር ኖሮ ትገዙት ነበር። ግን በየትኛው ዋጋ? በመከር ጊዜ ብትሸጡት እጃችሁ በሚገባው ዋጋ አስሉት፦ 2,600 ሲቀነስ የማጓጓዣው 60፣ ማለትም 2,540 ብር። 8 ኩንታል 20,320 ብር ይሆናል። በግንቦቱ ውድ ዋጋ አታስሉት። ያ ማሳው ያፈራው አይደለም፣ ማስቀመጣችሁ የጨመረው ነው። ማሳውንና ጎተራውን ለዩ።

ዘካው ወጪ አይደለም። ከምርቱ ላይ የሰጣችሁት ነው፤ ማሳው ግን አፍርቶታል። ወጪ አድርጋችሁ ብትቀንሱት ማሳው ከሚገባው በታች ይታያችኋል። ነቀዝ የበላው አንድ ኩንታል ደግሞ ገቢም ወጪም ሆኖ አይጻፍም፤ አለመኖሩ ራሱ በቂ ቅጣት ነው።

8. ሦስቱን ውጤቶች አውጡ

አንድ ቁጥር ብቻ ትርፍ ብላችሁ አትጥሩ። ሦስቱ ለሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ይመልሳሉ።

*የኪስ ትርፍ፦ እጄ ላይ ስንት ብር ቀረ?* ብር ሆኖ የገባው 40,200፣ 1,200 እና 800 ነው፤ 42,200 ይሆናል። በእጅ የወጣውን 19,530 ቀንሱ። 22,670 ብር። አጎቴ 31 ሺህ ገደማ ብሎ ያሰበው ይህን ነው። የልጅ ትምህርት ቤትና ቆርቆሮ የሚገዛው በዚህ ነው፤ ስለዚህ ዕቅድ ስታወጡ ይህንን ተጠቀሙ።

*የማሳ ትርፍ፦ መሬቱና ቤተሰቡ አብረው ስንት አፈሩ?* በኪስ ትርፉ ላይ የተበላውንና የተሰጠውን 20,320 ጨምሩ። 42,990 ብር።

*ንጹሕ ትርፍ፦ የቤት ሰው ደመወዝ ቢከፈለው ምን ይቀራል?* ከማሳ ትርፉ 18,000 ቀንሱ። 24,990 ብር። መሬቱን ለሌላ ማከራየት ትችሉ ከነበረ ኪራዩንም ቀንሱ። የዚያ አካባቢ ዋጋ ለግማሽ ሄክታር በወቅት 6,000 ነበር። 18,990 ብር ይቀራል።

ከሦስቱ ሁሉ እኔ በጣም የምወደው ግን አራተኛ አጭር ስሌት ነው። ከማሳ ትርፉ የመሬቱን ኪራይ ቀንሳችሁ ለቤት ሰው ቀናት አካፍሉት፦ 36,990 ÷ 90 = 411 ብር። አጎቴና ቤተሰቡ በቆሎው ላይ በዋሉበት እያንዳንዱ ቀን 411 ብር አግኝተዋል ማለት ነው። የሰው ማሳ ላይ ቢውሉ 200 ነበር። በቆሎው አዋጥቷል። ይህ ቁጥር ከቀን ሥራ ዋጋ በታች ከወረደ ግን፣ እጃችሁ ላይ ብር ቢኖርም ጉልበታችሁን በርካሽ እየሸጣችሁ ነው። በዚህ ጊዜ ጎተራው ሙሉ መስሎ ቤቱ የሚደክምበትን ምክንያት ታገኙታላችሁ።

9. መነሻ ዋጋችሁን አውቃችሁ ገበያ ውጡ

አሁን ያሉትን ቁጥሮች ለሽያጭ ተጠቀሙባቸው። የእጅ ወጪውን፣ የቤት ጉልበቱንና የመሬቱን ኪራይ ደምሩ፦ 19,530 + 18,000 + 6,000 = 43,530። የእሸቱንና የአገዳውን 2,000 ቀንሱ፤ 41,530። ሳይበላሽ ለተገኘው 21 ኩንታል አካፍሉት። አንዱ ኩንታል የፈጀባችሁ ወደ 1,978 ብር ነው። ደላላ ከዚህ በታች ሲጠራ ሁሉንም ወጪ የማይሸፍን ዋጋ እየሰጣችሁ መሆኑን ታውቃላችሁ።

ተቸግራችሁ መሸጥ ካለባችሁ ግን ሁለተኛ ወለል አለ። የእጅ ወጪውን ብቻ፣ 19,530 ሲቀነስ 2,000፣ ለ21 አካፍሉ፤ ወደ 835 ብር ነው። ከዚህ በታች ከሸጣችሁ ከኪሳችሁ ጨምራችሁ ነው የሰጣችሁት። በሁለቱ መካከል ያለው ዋጋ ያወጣችሁትን ብር ይመልሳል፣ ድካማችሁን ግን ሙሉ በሙሉ አይከፍልም።

*ማስቀመጥ አዋጣ ወይ?* 8 ኩንታል እስከ ግንቦት በመቆየቱ በኩንታል 800፣ በጠቅላላ 6,400 ብር ጨመረ። ነቀዝ የበላው አንድ ኩንታል በታኅሣሥ ዋጋ 2,600 ነበር። ልዩነቱ 3,800 ብር ነው። አዋጥቷል፣ ግን አጎቴ እንደገመተው አይደለም። ነቀዙ ሁለት ኩንታል ተኩል ቢበላ ኖሮ አምስት ወር መጠበቁ ምንም ባልተረፈው ነበር። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ እጃችሁን ጆንያ ውስጥ ከታችሁ እዩ። ዱቄትና ቀዳዳ ፍሬ ካያችሁ የዋጋውን መውጣት አትጠብቁ፣ ሽጡ። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነቀዙን ያፍነዋል፤ ዋጋው ግን ከተራው ጆንያ ይበልጣል፣ እሱንም ከ6,400ው ላይ ቀንሱ። እህሉ በደንብ ሳይደርቅ እዚያ ውስጥ ከገባ ደግሞ ይሻግታል።

⚠ የሻገተ በቆሎ «ለቤት ይሆናል» ተብሎ አይቀመጥ። ሻጋታው የሚያወጣው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ በመቀቀልም አይጠፋም። ለከብትም፣ ለዶሮም አትስጡት። በደብተሩ ላይ ከብልሽት ጋር ጻፉት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- *የአምናን ከዘንድሮ በብር ብቻ ማወዳደር።* ዋጋ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደወጣ አወዳድሩ። የአጎቴ 22 ኩንታል በግማሽ ሄክታር፣ በሄክታር 44 ነው። ምርቱ ወርዶ ብሩ ከጨመረ ያዳናችሁ ገበያው እንጂ ማሳው አይደለም።
- *ለብዙ ወቅት የሚያገለግል ዕቃ በአንድ ወቅት ላይ መጫን።* የመርጫ መሣሪያ 3,000 ብር ተገዝቶ አምስት ወቅት የሚያገለግል ከሆነ ለዚህ ወቅት 600 ብቻ ጻፉ። በሌሎች ማሳዎች ላይም ከሠራ እንደገና አካፍሉት።
- *የእኩል አራሽን ድርሻ መርሳት።* መሬቱ የእኩል ከሆነ ምርቱን ከመካፈላችሁ በፊት ማን ምን እንዳወጣ ጻፉ። ዘርና ማዳበሪያው ከእናንተ ወጥቶ ምርቱ እኩል የሚካፈል ከሆነ ሒሳቡን በእናንተ ድርሻ ብቻ ሥሩ፦ ሙሉ ወጪያችሁን ከግማሽ ምርቱ ላይ።
- *ከመጥፎ ወቅት ተነስቶ ሁሉንም መቀየር።* አንድ ወቅት በረዶ ወይም ተምች ሊመታው ይችላል። ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ዘሩን፣ ወይም የዩሪያውን ጊዜ፣ ወይም የአረሙን ብዛት። ሦስቱንም አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ ደብተሩ ሊነግራችሁ አይችልም። አጎቴ ዘንድሮ የቀየረው ጥበቃውን ነው፤ ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ማሳ ለማሳ ተያይዘው ዘሩ፣ ማማውን በተራ ያድሩበታል። የእሱ ተራ በአራት ቀን አንዴ ነው። በአዲሱ ደብተር «ጥበቃ» የሚለው መስመር እስካሁን 5 ቀን ይላል።